የባሩክ ድንጋዮች በቤርቶልዲ ግንብ

ባሩክ ቀኝ እጁን ያጣው በ1930 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ይሠራ በነበረ የመንግሥት መጋዘን ግንብ ሥር ነው። ከላይ ድንጋይ የሚያነሳው ገመድ ተበጠሰ። ገመዱ መበጣጠስ መጀመሩን ግንበኞቹ ሦስት ጊዜ ለካፖው ነግረውት ነበር። ካፖው የሥራው ኃላፊ የሆነ ከአስመራ የመጣ ጣልያን ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ነገ ይመጣል» አላቸው። ድንጋዩ ሲወድቅ ባሩክ ከሥሩ አልነበረም። እጁ ብቻ ነበረች፤ ኖራ እያስተካከለች።

የጣልያን ሐኪም እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጠለት። በሳምንቱ ወደ መንደሩ ወደ ወለቃ፣ ወደ ሚስቱ ወደ ጥሩና ወደ ልጆቹ ተመለሰ።

እኔ ባሩክን የማውቀው ሸምግሎ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቀኝ ክንዱን ሁልጊዜ ከጋቢው ሥር የሚያደርግ ሰው ነበር። ስለ ነገሩ ከእሱ አፍ የሰማሁት ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን የነገረኝ በዚያ ዘመን የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ የነበረው አያ ሐብተ ማርያም ነው። እሱም በተናገረ ቁጥር ፊቱ ይኮሳተር ነበር፤ የበላው ነገር እንደማይስማማው ሰው።

የባሩክ ወገኖች ቤተ እስራኤል ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ፈላሻ ይሏቸዋል፤ ሲብስም ቡዳ። ርስት አልነበራቸውም። ሌላው ገበሬ እግሩ ቢሰበር መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ይበላል፤ ባሩክ ግን ከእጁ በቀር የሚያከራየው ነገር አልነበረውም። ከአባቱ የወረሰው መሮና መዶሻ ነው። አንድ እጅ ያለው ሰው መሮ ቢይዝ መዶሻ አይይዝም። አምስት ሰው የሚበላው ከዚያ እጅ ነበርና እጁ ከጠፋ በኋላ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ካሣ ይገኛል ወይስ አይገኝም።

ጣልያን አገሩን በያዘበት በዚያን ጊዜ በተወላጅና በጣልያን መካከል ያለ ክርክር የሚታየው በጣልያን ዳኛ ፊት፣ በጣልያን ሕግ ነው። ባሩክ የከሰሰው «ፒዬትራ ኔራ»፣ በጣልያንኛ «ጥቁር ድንጋይ»፣ የሚባለውን የግንባታ ኩባንያ ነው። ነገሩ ግልጽ ነበር። ግንበኞቹ ስለ ገመዱ መሰከሩ፤ ካፖው ወደ አስመራ ሄዷል፤ ኩባንያውን ወክሎ የመጣው ጸሐፊም ብዙ አልተከራከረም። ዳኛው ኩባንያው ለባሩክ አሥራ ሁለት ሺህ ሊሬ እንዲከፍል ፈረደ።

ሐብተ ማርያም ሲተረጉምለት ባሩክ ገንዘቡን በበሬና በእህል እየመነዘረ በሐሳቡ ብዙ ቆየ። የጸሐፊውን ፈገግታ ያስተዋለው አማቹ ዳኜ ነው።

«አያ ባሩክ» አለው በሹክሹክታ፣ «ይህ ሰውዬ ምነው ደስ አለው?»

ምክንያቱ የታወቀው በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። የፍርድ አስፈጻሚው፣ ሐብተ ማርያም፣ ባሩክና ዳኜ ፒያሳ ወዳለው የኩባንያው ቢሮ ሄዱ። ደጁ ላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ ሸጋ ነው፤ ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የወረቀት ሳጥን፣ አንድ ማኅተም። አስፈጻሚው ሁሉንም መዘገበ። ከዚያ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ሁለት ማኪናዎችና ድንጋይ ማንሻውን ሊመዘግብ ሲል ጸሐፊው ወረቀት አወጣ።

«እነዚህ የኩባንያው አይደሉም። ኩባንያው የተከራያቸው ናቸው።»

«ከማን?»

«ከሲኞር ቤርቶልዲ።»

ሲኞር ቤርቶልዲ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነው። ግንበኞቹን የቀጠረ እሱ፣ ዓርብ ዓርብ የሚከፍል እሱ፣ የሚሳደብም እሱ። ለባሩክ «ኩባንያ» የሚለው ቃል የዚህ ሰው ሌላ ስሙ ነበር።

«እንግዲያው ሰውዬው ይክፈል» አለ ባሩክ። «እሱ አይደል ያሠራኝ?»

ሐብተ ማርያም ተረጎመ፤ አስፈጻሚው ትከሻውን ነቀነቀ፤ መልሱ አጭር ነበር። የተፈረደበት ኩባንያው ነው፤ ቤርቶልዲ አይደለም። ኩባንያው በሕግ ራሱን የቻለ ሰው ነው። የራሱ ስም፣ የራሱ ንብረት፣ የራሱ ዕዳ አለው። ባለአክሲዮኖቹ ለአክሲዮናቸው ያዋጡትን ገንዘብ ቢያጡ ያጣሉ እንጂ ከኪሳቸው አይጨምሩም።

ባሩክ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

«ይህ ነው ሰውየው?» አለ።

ዳኜ ሳቀ፤ ማኅተሙን አንስቶ ባሩክ ፊት አደረገው። «ጭንቅላቱ ይህችውልህ። እግሩ አራት ነው፤ እጅም የለውም፤ እንዳንተው ነው።»



አክሲዮኑ መቶ ነበር፤ እያንዳንዱ መቶ ሊሬ። ሰባ ዘጠኙ የቤርቶልዲ ነው። አንዱ አክሲዮን አስመራ የሚኖረው የሚስቱ ወንድም ድርሻ ነው፤ ጎንደርን አይቷት አያውቅም። ሃያው ደግሞ የጂኖ። ጂኖ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ዳቦ የሚጋግር፣ ጥርሱ የወለቀ ጣልያን ነው። ባሩክና ዳኜ በማግስቱ ወደ እሱ ሄዱ፤ ሐብተ ማርያምንም ለምነው ወሰዱት። ባሩክ የመጣው በአገሩ ደንብ ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ሥራ ቢገቡ ባለገንዘቡ ከሦስቱ ያገኘውን ይይዛል፤ የተያዘው ደግሞ ባልንጀሮቹን ይፈልግ። ዳኜ ከበሩ አጠገብ የተከመረውን ዱቄት በዓይኑ ይቆጥር ጀመር።

ጂኖ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ወጣ። የባሩክን ክንድ አየ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ወደዚያ አልመለሰም።

«ሁለት ሺህ ሊሬ ሰጥቼዋለሁ» አለ። «ሁለት ዓመት የቆጠብኩት ነው። አንድ ቀን ለስብሰባ ጠርቶኝ አያውቅም። ሒሳብ አሳየኝ ስለው ዳቦህን ጋግር ይለኛል። አሁን ደግሞ ያው ሁለት ሺህ ጠፋ። ምጣዴን ልትወስዱ ነው?»

«ዱቄቱ ይበቃናል» አለ ዳኜ።

ሐብተ ማርያም ይህን አልተረጎመውም። ወደ ባሩክ ዞሮ በእርጋታ አስረዳው። ይህ ሰው ያጣው አክሲዮኑን ነው፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አይነካውም፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ዳቦ ጋጋሪ ለግንብ ሥራ ገንዘብ ባላዋጣ ነበር። ገመዱን አላየ፣ ካፖውን አላዘዘ። ባሩክ ዱቄቱን አየ፤ የሰውየውን የተቃጠለ ክንድ አየ፤ የምድጃው እሳት ከአንጓ እስከ ክርን አቁስሎታል።

«ይህን ተወው» አለው ለዳኜ። «ይህም ተበልቷል።»

ጂኖ አራት ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ባሩክ በእምነቱ የሌላ እምነት ሰው ያበሰለውን አይበላም፤ አመስግኖ ተቀበለና መንገድ ላይ ለሐብተ ማርያም ሰጠው። ሐብተ ማርያም ሲያወጋኝ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም ይላል። በዚያ ነገር ሁሉ ውስጥ ያለ ምክንያት የተሰጠ ብቸኛው ነገር ያ አራት ዳቦ ነበር ይለኛል።

ከዚያ ወደ ጠበቃ ሄዱ። ጎንደር ውስጥ ሪቫ የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበር፤ ፀጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ጫማው የሚያበራ። ባሩክን አስቀምጦ፣ ራሱ ቆሞ፣ በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለ ተናገረ።

«ቤርቶልዲ ሀብታም በመሆኑ ብቻ አታሸንፈውም። አብዛኛው አክሲዮን የእሱ በመሆኑም አታሸንፈውም። ኩባንያው ደሃ መሆኑም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ኩባንያ በሐቀኝነት ይወድቃል፤ ያን ጊዜ አበዳሪው ያለቅሳል፤ ባለአክሲዮኑ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሕጉ ይህን አውቆ ነው የፈቀደው።»

«እንግዲያው ለምን አስቀመጥከኝ?» አለ ባሩክ።

ሪቫ ይህ ሲተረጎምለት ፈገግ አለ። «መጋረጃው የሚገለጥበት ጊዜ ስላለ ነው። ኩባንያው እውነተኛ ኩባንያ ካልሆነ፣ የአንድ ሰው ጭምብል ከሆነ፤ ያ ሰው የኩባንያውን ኪስና የራሱን ኪስ አንድ ካደረገ፤ አበዳሪ እንዳይደርስበት ንብረቱን ወዲያ አድርጎ ዕዳውን ብቻ ለኩባንያው ከተወለት፤ ያን ጊዜ ዳኛው ጭምብሉን አውልቆ ሰውየውን ራሱን ሊያየው ይችላል። ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ወሬ አይደለም። የኩባንያው የሆነ ነገር ያለ ክፍያ ወደ ቤርቶልዲ እጅ መግባቱን አሳየኝ።»

ሪቫ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለባሩክ ብሎ አልነበረም። ለማኪናዎቹ ጎማ ያቀረበ ነጋዴ ከዚሁ ኩባንያ ሠላሳ ሺህ ሊሬ ይፈልግ ነበር፤ ያም የሪቫ ደንበኛ ነው። እጁ የተቆረጠ ግንበኛ ከጎማ ነጋዴ ይልቅ ለዳኛ ዓይን ይከብዳል፤ ባሩክ ከፊት እንዲሄድ ተፈለገ። ከባሩክ ድርሻም ሲሶውን ሊወስድ ተስማማ። የኢጣልያ ሕግ ጠበቃ ከሚያሸንፈው እንዲካፈል አይፈቅድም፤ ስለዚህ ወረቀት አልተጻፈም። ያን ውል በአፉ የተረጎመው ሐብተ ማርያም ነው፤ ለዚያ ቀን ራሱን አልማረም።

ባሩክ ስለ ኪስና ስለ ጭምብል የተባለውን ሁሉ ተቀብሎ ወጣ፤ ግን አሁንም በልቡ ሰው ለሰው ቢለምነው ይሻላል ብሎ ያስብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብቻውን ወደ ቤርቶልዲ ቤት ሄደ። ቤቱ አዲስ ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ በስተ ሰሜን፣ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ፤ በዚያ ዓመት ከተሠሩት ቪላዎች ሁሉ ያማረ። ዘበኛው «ሲኞር ተኝቷል» አለው። ባሩክ ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ረፋዱ እስኪያልፍ እዚያው ቆየ። ሌላ የሚያየው ስላልነበረ ግንቡን ያይ ጀመር። መጀመሪያ በግንበኛ ዓይን አየው፤ መጋጠሚያው ቀጭን ነው፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ከበሩ በስተቀኝ አንድ ድንጋይ ላይ ዓይኑ ቆመ። በመካከሉ የገብስ ዘለላ የሚመስል ቀይ መስመር አለው። ያን ድንጋይ ያውቀዋል። በየካቲት ነው የጠረበው፤ ፀዳ በሚባል ቦታ ባለው የድንጋይ ማውጫ፤ መስመሩ እንዳይሰነጠቅ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ከሱ በላይ ያለውንም ያውቀዋል። ማዕዘኑ ላይ ያለውንም። የመሮው ምት ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የአባቱም እንዲሁ ነበር።

ያን ድንጋይ ሁሉ የጠረበው ለመጋዘኑ ነው።

ተነስቶ ወደ አዘዞ መንገድ ወረደ። መጋዘኑ አልቋል፤ ነጭ ኖራ ተመርጎ ያበራል። በጀርባው በኩል ምርጊቱ በዝናብ የተላጠበት ቦታ ነበር። ከሥሩ ያለው ያልተጠረበ፣ ከሜዳ የተለቀመ ድቡልቡል ድንጋይ ነው።

የጎንደር አካባቢ ጠራቢዎች አሠራር እንዲህ ነው። የሚከፈላቸው በድንጋይ ቁጥር ስለሆነ እያንዳንዱ ጠራቢ በድንጋዩ መቀመጫ ላይ፣ ማለትም ግንብ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች በሚዞረው ገጽ፣ የራሱን ምልክት ይጭራል። የባሩክ ሁለት ጭረትና አንድ ነጥብ ናት። ዓርብ ድንጋዮቹ መቀመጫቸው ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራሉ፤ ካፖው እየቆጠረ በተቆጠረው ላይ ቀይ ቀለም ይነካል፤ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈልበት። ከዚያ በደብተሩ ይጽፋል። ድንጋዩ ግንብ ውስጥ ሲገባ ምልክቱም ቀለሙም ይቀበራል። ማንም አያየውም። ቤርቶልዲ ስንት ግንብ ቢያሠራም ይህን አያውቅም ነበር፤ ድንጋይ ገልብጦ አይቶ አያውቅምና።

ባሩክ ለሪቫ ሲነግረው ጠበቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ።

«ደብተሩስ?»

«ካፖው ሲሄድ ለጸሐፊው ነው የተወው።»

ክሱ በአዲስ ተጻፈ። ባሩክና የጎማ ነጋዴው በአንድ ላይ ቤርቶልዲን በስሙ ከሰሱ። ዳኛው ደብተሩ እንዲቀርብ አዘዘ። ቀረበም፤ የባሩክ ድንጋይ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድሳ፣ «ለመጋዘኑ» ተብሎ ከኩባንያው ገንዘብ ተከፍሎበታል። የቤርቶልዲ ጠበቃ ድንጋይ ሁሉ አንድ ነው፤ ይህ ተወላጅ ከመንገድ ሆኖ ድንጋዩን ማወቁ ተረት ነው አለ። ዳኛው እንግዲያው ግንቡ ይታይ አለ። ቀኑን ሲቆርጡ የቤርቶልዲ ጠበቃ ቅዳሜ ይሁንልን ብሎ ለመነ፤ በሌላው ቀን ሥራ አለብኝ አለ። ሥራ እንደሌለበት ሐብተ ማርያም ያውቃል። ቤተ እስራኤል በሰንበት እሳት እንኳ እንደማይነኩ አንድ ሰው ለቤርቶልዲ ነግሮታል። ባሩክ ካልመጣ ድንጋዩን የሚያሳይ የለም።

ይህ ሲሰማ ከሁሉ በላይ የተቆጣችው ሚስቱ ጥሩ ናት። «እጅህን ወሰዱ፤ አሁን ሰንበትህን» አለችው። ባሩክ ወደ ቄሳቸው ሄደ።  «ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያው ደርሰህ እደር» አሉት። «እጅህ ምንም አይንካ። ማንንም ለሥራ አትዘዝ። የምታውቀውን ከተጠየቅህ እውነቱን ተናገር። እውነት መናገር ሥራ አይደለም።»

ዓርብ ማታ ባሩክ በዚያ ሰፈር አንድ ዘመዱ ግቢ አደረ። ቅዳሜ ማለዳ ነጭ ለብሶ ከቪላው ፊት ቆመ። ዳኛው መጣ፤ የፍርድ ቤቱ ባለሙያ መሐንዲስ መጣ፤ ቤርቶልዲ በረንዳው ላይ ቡና ይጠጣ ነበር። ድንጋይ እንዲያወጣ በፍርድ ቤቱ የተቀጠረው ከድብ ባሕር የመጣ ቢያዝን የሚባል ግንበኛ ነው፤ ክርስቲያን፣ ቀልደኛ፤ ከባሩክ ጋር በመጋዘኑ አብሮ የሠራ። ዲጂኖውን ተደግፎ ቆሟል።

«አያ ባሩክ፣ ዛሬ ለኔም ቀዳሚት ሰንበት ናት እኮ። አንተ ትጸድቃለህ፣ እኔ ልኮነን?»

«ያንተ ግማሽ ሰንበት ናት» አለ ባሩክ። «ግማሽ ግማሹን አውጣ።»

ዳኛው ምን እንደተባባሉ ጠየቀ። ሐብተ ማርያም «ስለ አየሩ ነው» አለው።

ዳኛው ባሩክን ወደ ግንቡ እንዲቀርብ ነገረው። ባሩክ ባለበት ሆኖ፣ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ግራ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ተናገረ።

«ከበሩ በስተቀኝ። ከታች ሦስተኛው ረድፍ፤ ከማዕዘኑ አራተኛው። ቀይ መስመር ያለበት።»

ቢያዝን በዲጂኖው ኖራውን ነቀለ። ብዙ ጊዜ ፈጀ። ድንጋዩ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ገለበጡት። መሐንዲሱ አቧራውን በመሐረብ ጠረገ። ሁለት ጭረት፣ አንድ ነጥብ፤ ከጎኑ ቀይ ቀለም፤ ትናንት የተነካ ይመስላል።

«ሌላ» አለ ዳኛው።

«ከመስኮቱ ሥር ሁለተኛው። ከሱ ቀጥሎ ያለው የኔ አይደለም፤ የቢያዝን ነው።»

«እውነቱን ነው» አለ ቢያዝን። «ከሁሉ የሚያምረው ያ ነው።»

ስድስት ድንጋይ ወጣ፤ ስድስቱም ባሩክ እንዳለው ሆነ። በግንቡ ላይ ስድስት ጥርሱ የወለቀ አፍ ተከፈተ። ቤርቶልዲ ከበረንዳው ወርዶ የተገለበጡትን ድንጋዮች አየ፤ ፊቱ ቀላ፤ ግን የተናገረው ስለ አበባው ነው። ቢያዝን አበባውን ረግጦበት ነበር።

በሚቀጥለው ችሎት ዳኛው ቤርቶልዲን ራሱን አቆመው። ሐብተ ማርያም ጥያቄና መልሱን እስከ ዕለተ ሞቱ በቃሉ ይዞት ነበር።

«ድንጋዩን ከኩባንያው ገዝተኸዋል?»

«ወስጄዋለሁ።»

«ደረሰኝ አለ?»

«የለም።»

«የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ፈቅዶልሃል? ቃለ ጉባዔ አለ?»

«ስብሰባ ምን ያደርጋል?»

«ለማኪናዎቹና ለማንሻው ኪራይ በየወሩ ለራስህ ከኩባንያው ትከፍል ነበር። ልኩን የወሰነው ማነው?»

«እኔ።»

«የኩባንያው ገንዘብ በየትኛው ባንክ ነው?»

ቤርቶልዲ በዚህ ላይ ተቆጣ። በአንድ ፈላሻ ምክንያት በገዛ ሰዎቹ ፊት እንዲህ መጠየቁ ነው ያስቆጣው። «በኔ ሒሳብ ነው» አለ፤ «የት ይሁን? ማንን ላስፈቅድ? ዳቦ ጋጋሪውን? ኩባንያው እኔ ነኝ።»

የራሱ ጠበቃ ዓይኑን ጨፈነ። ሪቫ ግን ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ ያን አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት።

ፍርዱ በሦስት ሳምንት ተነበበ። የአክሲዮን ኩባንያ ዕዳ የኩባንያው ዕዳ ነው፤ ባለአክሲዮን ካዋጣው በላይ አይጠየቅም፤ ይህ ደንብ ጸንቶ ይኖራል። ጂኖ ስለዚህ ነጻ ነው፤ በአስመራ ያለውም እንዲሁ። ቤርቶልዲ ግን ኩባንያውን ከራሱ ለይቶ አልያዘም፤ ገንዘቡን ከገንዘቡ ቀላቅሏል፤ የኩባንያውን ድንጋይ ለቤቱ ወስዷል፤ ንብረቱን ለራሱ አስቀርቶ አደጋውን ባዶ ለሆነው ስም ትቷል። በዚህ ቅርጽ አበዳሪዎቹን ሊከላከል አይገባውም። ስለዚህ ለተፈረደው ገንዘብ በራሱ ንብረት ይጠየቃል።

ባሩክ ሲተረጎምለት ጎንበስ ብሎ ሐብተ ማርያምን አመሰገነ። ሐብተ ማርያም ግን ያልተረጎመለት ነገር ነበር። ፍርዱ ሃያ ገጽ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ስለ መጋዘኑ ነበር። መንግሥት ለጥርብ ድንጋይ ከፍሎ በኖራ የተለበጠ የሜዳ ድንጋይ መቀበሉ ዳኛውን እንደ እሳት አንገብግቦታል። ስለ ባሩክ እጅ የተጻፈው ሁለት መስመር ነው፤ አንዱም ላይ ስሙ ተሳስቷል።

ቪላው በሐራጅ ተሸጠ። አርባ ሺህ ሊሬ አወጣ። ቤርቶልዲ ቤቱን ለባንክ አስይዞ ተበድሮበት ነበርና ባንኩ ቀድሞ ሃያ ስድስት ሺውን ወሰደ። የሐራጁና የፍርድ ቤቱ ወጪ ሁለት ሺህ። የቀረው አሥራ ሁለት ሺህ ለባሩክና ለጎማ ነጋዴው እንደየዕዳቸው መጠን ተከፈለ፤ ለባሩክ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ስምንት ደረሰው። ቀሪውን ቤርቶልዲ አሁንም በስሙ ይፈለግበታል። በስሙ ግን ምንም አልቀረም፤ ማኪናዎቹና ማንሻው ክሱ ገና ሳይጻፍ ለሚስቱ ተላልፈዋል። ያን ለማፍረስ ሌላ ክስ ያስፈልጋል፤ ሌላ ጠበቃ፣ ሌላ ዓመት። ሪቫ የጎማው ነጋዴ ካልቀጠለ አይቀጥልም፤ ነጋዴው ደግሞ ከቤርቶልዲ ሚስት ጋር ታርቆ አዲስ ጎማ ሸጠላት።

ገንዘቡን በሚቀበልበት ቀን ባሩክ ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መስኮት ፊት ቆመ። ጸሐፊው ወረቀቱን ገፋለት፤ ቀለሙንም አቀረበ።

«ጣትህን አትም።»

ባሩክ ግራ አውራ ጣቱን ወደ ቀለሙ ሰደደ። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ኋላ ሳበ።

«ቀኝ አውራ ጣት ነው የሚለው። እዚህ ተጽፏል።»

ሐብተ ማርያም ነገሩን ለማስረዳት አፉን ከፈተ። ባሩክ ቀደመው። ቀኝ ክንዱን ከጋቢው አውጥቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው፤ አንጓው ላይ የተሰፋው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር።  ጸሐፊው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ተነስቶ አለቃውን ለመጠየቅ ወደ ውስጥ ገባ። ለግማሽ ሰዓት አልተመለሰም። ከኋላ የቆሙት ጣልያኖች ያጉረመርሙ ጀመር፤ አንዱ አፍንጫውን ያዘ።

ሐብተ ማርያም በዚያ ግማሽ ሰዓት ሥራውን ሊተው ወሰነ፤ በሳምንቱም ተወው። ወደ አባቱ ደብር ተመልሶ ቅዳሴ ይቀድስ ነበር። በኋላ ዘመን ማንም የመንግሥት ሥራ ቢሰጠው አልተቀበለም።

ጸሐፊው ሲመለስ በቀኝ ጣቱ ቦታ «የለውም» ብሎ ጻፈና ግራውን አሳተመው። ሪቫ ከደጅ ይጠብቅ ነበር። ሲሶውን ቆጥሮ ወሰደ፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሁለት፤ ሳንቲም አላስተረፈም። ባሩክ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ሊሬ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ከዳኜ ጋር ወደ ወለቃ ወጣ።

መንገዱ በፒያሳ ነው። የቤርቶልዲ ቢሮ ደጅ ላይ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ይቀባ ነበር። «ፒዬትራ» የሚለው ቀርቷል፤ «ኔራ» የሚለው ተፍቆ ሌላ ፊደል ሊጻፍበት ነው። በተከፈተው በር ውስጥ ያው ጠረጴዛ ይታያል። የቤርቶልዲ ሚስት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአዲስ ካፖ ጋር ትነጋገራለች፤ ደጅ ላይ ግንበኞች ሥራ ለመጠየቅ ተሰልፈዋል። ቢያዝንም ከነሱ መካከል ነበር። ባሩክን ሲያይ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«አያ ባሩክ፣ አምስት ልጅ አለኝ» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ባሩክ። «ገመዱን እይ። ሌላ ምንም አልልህም።»

ዳኜ ሊሳደብ ፈልጎ ነበር። ባሩክ ግራ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ገፋው፤ ሄዱ።

በገንዘቡ ብረትና ወናፍ ገዛ። ዳኜ አንጥረኛ ነበር፤ መሣሪያ አጥቶ ነው ኖራ ይሸከም የነበረው። ከዚያ በኋላ ዳኜ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ ባሩክ ወናፉን ይነፋ ነበር፤ አንዱን ከረጢት በግራ እጁ፣ ሌላውን አንጓው ላይ በታሰረ ጠፍር። ጠባሳው በየዕለቱ ይደማ ነበር፤ በኋላ ደነደነ። ልጆቹ አልተራቡም። እንግዲህ ባሩክ አሸነፈ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ሐብተ ማርያም ግን እንዲህ ሲባል ይተፋ ነበር።

እኔ በልጅነቴ ማረሻ ልናሠራ አባቴ ይዞኝ ሲሄድ ነው ባሩክን ያየሁት። ወናፉ ይተነፍሳል፤ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ ዓይኑ እሳቱ ላይ ነው። አባቴ እንዴት ነህ ሲለው «ይመስገን» አለ፤ ክንዱን ግን አላቆመም።